ከማን ነው የተደወለልኝ?

የዕቃ አድራሽ ድርጅት ስም ዋናውን ፈተና የሚፈተነው ታፔላ ላይ አይደለም። ብዙው ደንበኛ ታፔላውን ጭራሽ አያየውም፤ ቢሮው የት እንደሆነም አያውቅም። ስሙን የሚያገኘው ታክሲ ውስጥ በተከፈተ ሬዲዮ፣ ስልኩ ላይ በገባች አጭር መልእክት፣ ወይም ከማያውቀው ቁጥር ከደወለለት ሞተረኛ አንደበት ነው። ሞተረኛው የራስ ቁሩን ሳያወልቅ፣ ነፋስና የመኪና ጥሩንባ እየተጋፋው፣ «ሄሎ፣ ከእንትን ነው የምደውለው፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር» ይላል። በዚያች «እንትን» ቦታ የገባው ስም ካልተሰማ ደንበኛው «ከማን?» ብሎ ይጠይቃል። ዳግመኛ ካልተሰማ ይዘጋል። ዕቃው ተመልሶ ይሄዳል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ሻጩም ገንዘቡን ሳያገኝ ይውላል።

ሦስቱ መንገዶች ከስም ላይ የሚቀንሱት የተለያየ ነው። የጽሑፍ መልእክት ቦታ ይነፍጋል፤ አንዳንዴም ፊደሉን ራሱን ይከለክላል። ሬዲዮ ጽሕፈቱን ይወስዳል፤ አድማጩ ስሙን በየትኛው «ሰ»፣ በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ አያይም። ስልክ ደግሞ ከድምፁ ራሱ ቆርጦ ያስቀራል። አንድ ስም በአንዱ መንገድ አምሮ በሌላው ሊወድቅ ስለሚችል መመዘን ያለበት በሦስቱም ነው።

ነገሩን ጨበጥ ለማድረግ አንድ ድርጅት በምናባችን እናቋቁም። መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች የሸጡትን ዕቃ በሞተር ሳይክል ወደ አያት፣ ወደ ሳሪስ፣ ወደ ቦሌ የሚያደርስ ነው። ባለቤቶቹ ወረቀት ላይ ስምንት ስም ጽፈዋል፦ ፈጣን፣ ፀሐይ፣ ዜማ፣ ዋና፣ ማለዳ፣ ዳማ፣ ሙዳይ፣ ቢራቢሮ። ሁሉም አማርኛ ናቸው፣ ሁሉም አጭር ናቸው፣ ወረቀት ላይ ሲታዩ አንዳቸውም ነውር የለባቸውም።

በጽሑፍ መልእክት እንጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ያለው ገደብ የቴክኒክ ስለሆነ ሊደራደሩት አይቻልም። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ጠባብ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ የገባው ግዕዝ በኤስኤምኤስ ሲላክ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መልእክቱ የሚችለው 70 ፊደል ብቻ ይሆናል። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም፣ ቁጥሩም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍሎቹን መልሶ ለማገጣጠም የተወሰነ ቦታ ስለሚያዝ እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ላኪው ድርጅት የሚከፍለውም የሁለት መልእክት ዋጋ ነው።

በቁጥር እንየው። «ከቢራቢሮ፦ ዕቃዎ ተነስቷል። ሞተረኛው ሲደርስ ይደውላል። ኮድ 4172።» የሚለው መልእክት 44 ፊደል ነው። 26 ቦታ ይተርፋል፤ ለደንበኞች ስልክም ለዕቃው ዋጋም ይበቃል። አሁን ቢራቢሮን አውጥተን በምትኩ «ፈጣንና አስተማማኝ የዕቃ ማድረሻ አገልግሎት» የሚለውን እንደ ስም እናስገባ፤ እንዲህ ያለ ስም የሚወድ ሰው አይጠፋም። ቢራቢሮ 4 ፊደል ነበር፤ ይኼኛው ከነክፍተቱ 27 ነው። መልእክቱ 67 ደረሰ፤ የቀረው ቦታ 3 ብቻ። ባለ አራት አኃዝ የደንበኛ መደወያ ልጨምር ያለ ዕለት መልእክቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። በቀን ብዙ መቶ መልእክት የሚልክ ድርጅት በረዘመ ስም ምክንያት ብቻ የመልእክት ወጪውን እጥፍ ያደርጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ወጪ ለመቀነስ መልእክቱን በላቲን ፊደል ጽፈው የድርጅቱን ስም ብቻ በግዕዝ ያስገባሉ፤ ያምራል ብለው። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባች ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይዞራል፤ 160 የነበረው ወዲያው 70 ይሆናል። ወይ ሙሉውን በግዕዝ፣ ወይ ሙሉውን በላቲን መጻፍ ነው። የእኔ ፍርድ ለግዕዝ ያደላል። አንባቢው በቋንቋው ፊደል የሚቀበለውን መልእክት ያምነዋል፤ ፊደላችንም ድምፅን ከነአናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ቢራቢሮ በላቲን 8 የሚወስደውን በግዕዝ በ4 ይጨርሰዋል። ችግር የሚመጣው ፊደሉ በሌላቸው ያረጁ ስልኮች ላይ ነው፤ እነሱ ጋ መልእክቱ ባዶ የሳጥን ረድፍ ሆኖ ይታያል።

ሙሉውን በግዕዝ ብንጽፍም ከላቲን አናመልጥም። መልእክቱ ሲገባ አናቱ ላይ በቁጥር ፋንታ የሚወጣው የላኪ ስም ከ11 የላቲን ፊደልና ቁጥር አይበልጥም፤ ግዕዝ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ ማንኛውም የአማርኛ ስም ወደደም ጠላም የላቲን መልክ ሊኖረው ግድ ነው። BIRABIRO 8 ፊደል ስለሆነ ይገባል። BIRABIRO EXPRESS ከነክፍተቱ 16 ነው፤ አይገባም። ስሙ አጭር ሆኖ ሳለ «ኤክስፕረስ» ወይም «ሎጂስቲክስ» የሚል ጅራት የሚቀጥሉ ሰዎች ይህን ቀድመው ቢያስቡት ጥሩ ነው። እንዲህ ላለ ባለ ስም ላኪ ደንበኛው መልስ ጽፎ መላክ እንደማይችልም ይታወቅ፤ መልስ የሚፈልግ ድርጅት የመደወያ ቁጥሩን መልእክቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ከስምንቱ ስሞች የመጀመሪያው የሚወድቀው እዚህ ነው። ዜማ ያማረ ስም ነው፤ በላቲን ሲጻፍ Zema ይሆናል። በአገራችን የላቲን አጻጻፍ ልማድ ግን «e» የምትባለው ፊደል ለሁለት ድምፅ ታገለግላለች፤ ለ«ዜ»ም ለ«ዘ»ም። ተቀባዩ Zema የሚለውን «ዘማ» ብሎ ቢያነበው ስሙ ወዴት እንደሚወርድ አማርኛ ለሚያውቅ ማስረዳት አያሻም። Ziema ብለን ብንጽፈው ችግሩ ይቃለል ይሆናል፤ ግን ደንበኛው ራሱ ሊፈልገን ሲሞክር እንደዚያ አድርጎ አይጽፈውም። አንደኛውና አምስተኛው ፊደል በላቲን አንድ መልክ አላቸው፤ ስለዚህ በአንዱ ሲነበብ ጨዋ፣ በሌላው ሲነበብ ነውር የሚሆን ቃል ለስም አይመረጥም።

ወደ ሬዲዮ እንለፍ። ጠዋት በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ወይም በፋና ኤፍ ኤም 98.1 ማስታወቂያ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ መሪ ላይ ነው፤ ወይም ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ቆሟል። የሚጽፍበት ጊዜ የለውም። ስሙን ጆሮው ላይ ይዞ ይሄድና ከሰዓታት በኋላ ቴሌግራም ላይ ወይም የመተግበሪያ መደብር ውስጥ ይፈልገዋል። እዚያ ሲደርስ በጆሮው የያዘውን ወደ ፊደል መመለስ አለበት።

ፀሐይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ስሙን የማይሰማ፣ ትርጉሙን የማያውቅ የለም። ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ድምፅ በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም ይሆናል። ሁለተኛው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስቱንም ዛሬ የምናነባቸው አንድ ዓይነት አድርገን ነው። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይወጣል። ለእኛ ዓይን ሁሉም ፀሐይ ናቸው፤ ለስልኩ ግን አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፊደላቱን አስማምቶ የማይፈልግ የመፈለጊያ ሳጥን «ጸሀይ» ብሎ ለጻፈው ሰው «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን አያወጣለትም። በላቲን ደግሞ Tsehay፣ Tsehai፣ Sehay እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ስሙ ውስጥ ሀና ዘመዶቹ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ካሉ ለሬዲዮ የሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰዋስው አዋቂዎች የፊደላቱን ልዩነት መጠበቃቸውን ከልቤ አከብራለሁ፤ የዕቃ ደንበኛን ግን በፊደል ዕውቀቱ መፈተን አይገባም።

ሬዲዮ ሌላም ወጥመድ አለው፤ ይኼኛው የሚገኘው አድማጩ ጋ ሳይሆን አንባቢው ጋ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ጠብቆ የሚነበበውን ከላልቶው አይለይም። ዋና ላልቶ ሲነበብ በውኃ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አለቃ፣ ቀዳሚ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሁለተኛውን አስበው «ዋና» ብለው ሰየሙ፤ ማስታወቂያ አንባቢው ጽሑፉ ከደረሰው አምስት ደቂቃ በኋላ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ አላልቶ ሊያነበው ይችላል። ማጥበቂያ ምልክት፣ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች፣ መኖሩ አልቀረም፤ በዕለት ጽሑፍ ላይ ግን አይታይም፣ አብዛኛው ሰውም አያውቀውም። ስሙ በሁለቱም አነባበብ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ መተው ይሻላል። ሁለተኛው አነባበብ ምንም ትርጉም ከሌለው ግን አንባቢው ራሱ ያርመዋልና አያሰጋም። ለማንኛውም ወደ ጣቢያው የሚላከው ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም፤ ባለቤቱ ስሙን በራሱ ድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም አብሮ ቢልክ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ማለዳ ሌላ ዓይነት ስም ነው። በፊደልም በድምፅም እንከን አይወጣለትም፤ አጻጻፉ አንድ ነው፣ በላቲንም ብዙ አይለዋወጥም። አማርኛ ውስጥ ግን ስም ብቻውን አይውልም። በእንትን ላኩ፣ ከእንትን ደወሉ፣ የእንትን ሞተረኛ፣ ለእንትን ክፈሉ ነው የምንለው። «በማለዳ ይላኩ» የሚል ማስታወቂያ ያስነግሩና አድማጩ ምን ይሰማል? በጠዋት ላኩ የሚል ምክር። ማስታወቂያው ሠላሳ ጊዜ ቢተላለፍ ያው ነው፤ የድርጅት ስም መነገሩን ላያውቅ ይችላል። እያንዳንዱን ዕጩ ስም በ፣ ከ፣ የ፣ ለ እያስቀደሙ ጮክ ብሎ ማንበብ ከምንም በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ስሙን ይውጠው እንደሆን ወዲያው ይታወቃል።

በተለይ በአ ወይም በእ የሚጀምሩ ስሞች በዚህ ይጎዳሉ። ስንናገር «ከአንበሳ» አንልም፤ «ካንበሳ» ነው የምንለው። «ለእናት» «ለናት» ይሆናል። የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ከመስተዋድዱ ጋር ይዋሃድና ይጠፋል። ስሙን የሚያውቅ ሰው መልሶ ያገኘዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ይህ ነገር ከስልክ ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰውን ጥፋት ዳማ በደንብ ያሳያል። ዳማ የፈረስ መልክ ነው፤ ሁለት ፊደል፣ አራት የላቲን ሆሄ፣ ጠንካራና ፈጣን ስሜት ያለው ስም። እኔ በወረቀት ላይ ብጠየቅ ከስምንቱ መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነበር። ሞተረኛው ሲደውል «ከዳማ ነው የምደውለው» ይላል። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ያለችው ከተማ አዳማ ናት፤ «ከአዳማ» ሲባል በንግግር «ካዳማ» ይሆናል። በ«ከዳማ»ና በ«ካዳማ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት አጭር አናባቢ ነች። የሰሚት ነዋሪ «ካዳማ ነው የምደውለው፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር» ሲባል፣ እኔ አዳማ ያዘዝኩት ዕቃ የለም ብሎ ቢዘጋ ይፈረድበታል? ሞተረኛው ጮክ ብሎ ቢደግመው አይረዳም፤ ጩኸት ድምፁን ያጎላል እንጂ አናባቢውን አይለውጥም።

ስልክ ይህን ያህል የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። የተለመደው የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው የድምፅ ክልል ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ድረስ ያለውን ነው። የሰው ንግግር ግን ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ይዘረጋል። «ስ» ስንል የምናወጣው የፉጨት ድምፅ አብዛኛው ጉልበት ያለው ከስልኩ ጣሪያ በላይ ነው፤ እሱ ተቆርጦ ሲቀር «ስ» ከ«ፍ» ጋር ይመሳሰላል። ፊት ለፊት ስንነጋገር የማንስታቸው ሁለት ድምፆች በስልክ የሚምታቱት ለዚህ ነው። ከታችም እንደዚሁ ነው፤ «ም» እና «ን» ስንል በአፍንጫ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ 300 ኸርዝ ወሰን አካባቢ ስለሆነ ይዳከማል፤ «ም» ወደ «ብ» ትጠጋለች። ፈንጂ ድምፆቻችን፣ ማለትም ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ከከ፣ ከተ፣ ከቸ የሚለዩት ድምፁ ሲፈነዳ ባለችው ቅጽበት ስለሆነ ነፋስና የሞተር ጩኸት በቀላሉ ይሸፍናቸዋል። አንዳንድ ስልኮችና ኔትወርኮች እስከ 7,000 ኸርዝ የሚያሳልፍ ጥሪ አላቸው፤ ግን ሁለቱም ወገን ያን ካልደገፈ ጥሪው ወደ ጠባቡ ይመለሳል። ድርጅት ስሙን ማውጣት ያለበት ለደካማው ጥሪ ነው።

ሙዳይን የጣለው ይህ ነው፤ እኔም በመውደቁ አዝናለሁ። ሙዳይ እናቶች ጌጣቸውንና ውድ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡባት ባለ ክዳን የስፌት ዕቃ ናት። አደራ ተቀብሎ ለሚያደርስ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ምስል አይገኝም። አጻጻፉ አንድ ነው፣ በላቲን ሲጻፍ Muday ነው፣ ለመስተዋድድም ይመቻል። ነገር ግን «ሙ» በስልክ ወደ «ቡ» ስትጠጋ «ከቡዳ…» ተብሎ የሚሰማው ጆሮ ይኖራል። ሙዳይን በየቤቱ እያዩ ያደጉ ሰዎች ቃሉን ስለሚያውቁ ያርሙታል፤ ሙዳይ አይቶ የማያውቅ የከተማ ወጣት ግን የተሰማውን ወደሚያውቀው ቃል ይወስዳል፤ ቡዳን የማያውቅ ደግሞ የለም። ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ በመጀመሪያው ሰከንድ እንዲህ ከተሰማ ከዚያ በኋላ ያለው ማብራሪያ አይረባም።

ጆሮ የተሰማውን ብቻ አይቀበልም፤ የጎደለውን ከሚያውቀው ቃል ይሞላል። ይህ ለስም አውጪው ትልቅ እገዛ ነው። ፈረስ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት እንውሰድ፤ ስሙ በ«ፈ» ጀምሮ በ«ስ» ያበቃል፤ ሁለቱም ስልክ ላይ ደካማ የሆኑ ድምፆች ናቸው። ሆኖም ፈረስን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ፣ ለእሱም የሚቀርብ ሌላ ቃል ስለሌለ ጆሮ በቀላሉ ይጠግነዋል። ስለዚህ የድምፅ ምርመራው ጥያቄ «ይህ ድምፅ ደካማ ነው?» የሚል ብቻ አይደለም። ደክሞ ሲሰማ የትኛው ሌላ ቃል ይመስላል? ያ ቃል የሚያሳፍር ወይም የሚያሳስት ከሆነ ስሙ ይጣላል፤ ምንም ካልመሰለ ይተርፋል።

ቢራቢሮን በዚህ እንመዝነው። «ቢ» ደክማ «ሚ» ብትመስል «ሚራሚሮ» የሚባል ነገር ስለሌለ ሰሚው ወደ ቢራቢሮ ይመለሳል። አራት ቀለም ያለው ስለሆነ አንዱ ቢጠፋ ሦስቱ ያነሡታል፤ ለስልክ ከአራት ፊደል በላይ የሚያሳጥር ስም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ ዳማ ላይ አንድ አናባቢ ሲሳሳት የሚያርመው የቀረ ነገር አልነበረም። በግዕዝ አጻጻፉ አንድ ነው፤ በላቲን አንዳንዱ «r» ይደግም ይሆናል እንጂ Birabiro ብሎ የማይገምት ጥቂት ነው። ነቀፋውንም እንናገር። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፊተኛው ግማሽ ብቻ ከደረሰ «ቢራ»፣ ኋለኛው ብቻ ከደረሰ «ቢሮ» ነው የሚሰማው። «በቢራቢሮ» ሲባልም ሁለት «ብ» ተከታትለው ምላስን ትንሽ ያስቸግራሉ። የመጀመሪያውን ለማቃለል ሞተረኛው «ከቢራቢሮ ዴሊቨሪ» ብሎ ሁለተኛ ቃል ቢጨምር ይበቃል፤ «ዴሊቨሪ» የሚለውን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ለንግግር የሚጨመረው ይህ ቃል ግን በላኪው ስም ውስጥ አይግባ።

ከስም ጋር አብሮ የሚነገረው አጭር የስልክ ቁጥርም በዚሁ መንፈስ ይመረመር። በአማርኛ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሦስቱም በ«ስ» ድምፅ ይጀምራሉ፤ ስልክ የሚያዳክመውም እሱኑ ነው። ሬዲዮ ላይ ቁጥሩን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው፤ የራይድ 8294 «ሰማንያ ሁለት ዘጠና አራት» ተብሎ ሲነበብ ጥሩ ዜማ አለው፣ አይምታታምም። ስልሳና ሠላሳ ያለበት ቁጥር ግን በጥንድ ሲነበብ በቀላሉ ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የደረሰው ድርጅት አንድ በአንድ፣ «ስድስት ዜሮ» እያለ ቢያስነብብ ይሻለዋል።

የቀረው ፈጣን ነው። ለጆሮ ግልጽ፣ ለአድማጭ የሚገባ ቃል ነው፤ የሚወድቀው በሕግ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የአገልግሎቱን ዓይነት ወይም ጥራት የሚገልጽ ብቻ የሆነ ቃል የአንድ ሰው የንግድ ምልክት እንዲሆን አይፈቅድም። ዕቃ አድራሽ ሁሉ ፈጣን ነኝ ሊል መብት አለው። ነገ አጠገብዎ «ፈጣን ፕላስ» ቢከፈት ማስቆሚያ የለዎትም፤ በስልክ «ከፈጣን ነው» ሲባልም ደንበኛው የማን ሞተረኛ እንደደወለለት አያውቅም። ቢራቢሮ ከዕቃ ማድረስ ጋር ምንም የቀጥታ ግንኙነት ስለሌለው በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። ራይድ የሚለው ስም አዲስ አበባ ውስጥ የደረሰበትንም ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬ ብዙ ሰው «ራይድ ልጥራ» ሲል የየትኛውንም ድርጅት መኪና ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስም በጣም ሲሳካለት የአገልግሎቱ መጠሪያ እስከ መሆን ይደርሳል፤ ከሥራው ዓይነት የራቀ ቃል ለዚህ ቶሎ አይጋለጥም።

ዕጩው አንድ ወይም ሁለት ሲቀር በሰው ጆሮ ይሞከር። ስሙን የማያውቁ አሥር ሰዎች ይመረጡ፤ ወጣትም አዛውንትም፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነም ይኑርባቸው። አንድ ሰው መገናኛ አደባባይ ቆሞ፣ ጸጥታ ሳይፈልግ፣ ለእያንዳንዳቸው ይደውልና «ከቢራቢሮ ነው የምደውለው፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገር። ስሙን አይድገም፣ ፊደል አይቁጠር። ከሰዓታት በኋላ ከማን እንደተደወለላቸው በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩ ይጠየቁ። የሚመጣው መልስ ሁለት ነገር ያሳያል። ስሙን የሳቱት የትኛውን ድምፅ እንደሳቱ ይታያል፤ ሦስት አራት ሰው ወደ አንድ የተሳሳተ ቃል ከሄደ ስሙ ጉድለት አለበት፣ የተለያየ ስሕተት ከሆነ ግን ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። በትክክል የሰሙትም እንዴት እንደጻፉት ይታያል፤ የላቲን አጻጻፉ በሁለት ከተከፈለ ሁለቱንም በቴሌግራምና በመተግበሪያ መደብር መያዝ ነው። ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ተናጋሪዎችም ቃሉ በቋንቋቸው ምን እንደሚመስል ይጠየቁ። ኦሮምኛ በላቲን ሲጻፍ «x» የ«ጠ»፣ «c» የ«ጨ» ድምፅ ስለሆነ፣ እነዚህ ፊደላት ያሉበትን የላቲን አጻጻፍ የኦሮምኛ አንባቢ እኛ ባሰብነው መንገድ አያነበውም።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ጃኬትና ሳጥን ከመታተሙ በፊት ሁለት ቦታ መሄድ ይቀራል። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ መዝገብ ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ የንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ ስላለ ብቻ ምልክቱ የእኔ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ተሳስቷል። ባለሥልጣኑ ዘንድ ሲኬድ ስሙ በ39ኛው መደብ፣ ማለትም በትራንስፖርትና በዕቃ ማድረስ ዘርፍ፣ ቀድሞ መያዝ አለመያዙ ይጣራል። ማመልከቻው ላይ የግዕዙም የላቲኑም አጻጻፍ፣ ደንበኞች በፈተናው የጻፉት ዓይነት፣ አብረው ይቅረቡ። የተመዘገበ ምልክት የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።